«አይ፣ ይከፈል» ወይስ «አይከፈል»? የቃለ ጉባኤ ጥያቄና መልስ

ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ የሰፈር እድር 11 ዓመት ጸሐፊ ነበርኩ። ሰብሳቢነትንም አንድ ዓመት ሞክሬው ነበር፤ አልሆነልኝም፣ ወሬ ማስቆም አልችልም። በሰብሳቢ፣ በጸሐፊና በቃለ ጉባኤ ያዥ መካከል ስላለው የሥራ ክፍፍል ጠይቁኝ ብዬ ነበር። የመጡትን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ።

የእድር ጸሐፊ፣ ከደብረ ሲና፦ «ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። እኛ ጋ ጸሐፊውም እኔ ነኝ፣ ቃለ ጉባኤ የምይዘውም እኔ ነኝ። ያንድ ሰው ሥራ ነው። ለሁለት መክፈሉ ሰው ማብዛት አይሆንም?»

በትንሽ እድር ያንድ ሰው ሥራ ሊሆን ይችላል፤ እዚያ ላይ ልክ ነህ። ግን እኔም እንዳንተ ሁለቱንም ይዤ ነው የተሳሳትኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክረምት ነው፣ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ነን። የሦስት ወር መዋጮ ያልከፈለ አባል እናቱ ሞተውበታል። 6,000 ብሩ ይሰጠው ወይስ አይሰጠው? ሰብሳቢው «እንግዲህ ይቅር እንበል?» ሲል ከኋላ ብዙ ሰው ባንድ ድምጽ «አይ፣ ይከፈል!» አለ። በረዶው ቆርቆሮውን እየደበደበው ነበር። እኔ ደግሞ በዚያች ደቂቃ ዘግይቶ ከመጣ ሰው ቅጣት እየተቀበልኩ፣ ስሙን እየመዘገብኩ ነበር። «አይከፈል» ብዬ ጻፍኩ።

ቶሎ ቶሎ በላቸው፤ «አይ ይከፈል» እና «አይከፈል» ጆሮ ላይ አንድ ናቸው።

ማታ ቤቴ ገባሁና ወደ መዝገቡ ስገለብጥ አሳመርኩት፦ «እንዳይከፈል ተወስኗል።» ረቂቁን ቀድጄ ጣልኩ። ሰብሳቢው እሁድ ከቅዳሴ መልስ ሳያነብ ፈረመ። ገንዘብ ያዡ በስብሰባው አልነበረም፤ መዝገቡን አየና አልከፍልም አለ። አባሉ ሲጮህ ግማሹ ሰው «ይከፈል ብለናል» አለ፣ ግማሹ «መዝገቡ ምን ይላል?» አለ። ሌላ ጉባኤ ተጠርቶ ገንዘቡ ሲሰጠው ወር ተኩል አልፏል። ሰውየው እናቱን በብድር ነው የቀበረው። እስከ ዛሬ ሰላምታው ቀዝቃዛ ነው።

ሰሚው እኔ፣ ጸሐፊው እኔ፣ ገልባጩ እኔ፣ አስቀማጩም እኔ ነበርኩ። ስህተቱ በአራት ቦታ አልፏል፤ አራቱም ቦታ ላይ ያየው ያው አንድ ሰው ነው። ሁለተኛ ሰው የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ከሸዋ ሮቢት፣ የሽንኩርት አምራቾች ማህበር አባል፦ «ታዲያ ማን ምን ያድርግ? በስብሰባው ሰዓት ማለቴ ነው።»

ከዚያ በኋላ እኛ ያደረግነውን ልንገርህ።

ጸሐፊው ከስብሰባው በፊትና በኋላ ነው ሥራው። አጀንዳ ያዘጋጃል፣ ጥሪ ያደርሳል፣ በር ላይ ስም ይመዘግባል፣ ምልዓተ ጉባኤ መሟላቱን ለሰብሳቢው ይነግራል። በስብሰባው ሰዓት ቅጣትም ደብዳቤም የሚቀበል እሱ ነው። ቃለ ጉባኤ ያዡ ግን ከሰብሳቢው አጠገብ ተቀምጦ ከመስማትና ከመጻፍ ሌላ ሥራ የለውም። መናገር ሲፈልግ ብዕሩን ለሌላ ሰው ሰጥቶ ነው እጁን የሚያወጣው። እየተከራከረ የሚጽፍ ሰው የራሱን ሐሳብ አስረዝሞ፣ የሌላውን አሳጥሮ ይጽፋል። ክፋት ስላለው አይደለም፣ ሰው ስለሆነ ነው።

ሰብሳቢው አይጽፍም። ግን ትልቁ ሥራ የእሱ ነው፦ ውሳኔውን በሙሉ ዓረፍተ ነገር ይናገራል። «ተስማምተናል አይደል? እንቀጥል» አይበቃም። እንዲህ ይላል፦ «እናቱ ለሞቱበት አባላችን 6,000 ብር እንዲከፈል፣ የሦስት ወሩ ውዝፍም ከዚሁ ላይ እንዲቀነስ፣ በ31 ድጋፍ፣ በ4 ተቃውሞ፣ በ2 ድምጸ ተአቅቦ ተወስኗል። ነገ ከፋዩ ገንዘብ ያዥ ነው።» ቃለ ጉባኤ ያዡ የጻፈውን እዚያው ጮክ ብሎ ያነባል። ቤቱ «ልክ ነው» ሲል ብቻ ወደሚቀጥለው አጀንዳ ይኬዳል።

ለአንድ ውሳኔ አንድ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። በዚያ ቀን ጮክ ብዬ «እንዳይከፈል» ብዬ አንብቤ ቢሆን ኖሮ ቤቱ ያርመኝ ነበር።

ድምሩንም እዩት፤ 31፣ 4 እና 2 ሲደመር 37 ነው። በር ላይ የተመዘገበው 37 ካልሆነ አንድ ሰው ወጥቷል ወይም ሁለቴ እጁን አውጥቷል። ይህን የሚያመሳክር ጸሐፊው ነው፤ የስም ዝርዝሩ እሱ ጋ ነዋ።

ሰብሳቢ፣ ከመሃል ሜዳ፦ «የምፈርመው እኔ ነኝ። ስለዚህ ከመፈረሜ በፊት የተጻፈውን የማስተካከል መብት የኔ ነው አይደል?»

የማረም እንጂ የመለወጥ አይደለም። የአባል ስም ቢሳሳት፣ ቁጥር ቢዘለል፣ ከረቂቁ ጋር አስተያይታችሁ ታርማላችሁ። ግን ብቻህን አይደለም፤ ቃለ ጉባኤ ያዡ ባለበት ነው። «እንዲህ ለማለት ፈልገን ነበር» የሚባል እርማት ግን የለም። ያልተባለ ነገር ትዝ ካለህ ለሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ አስይዘው።

አካሄዱ ይህ ነው፦ ጸሐፊው በሦስት ቀን ውስጥ ከረቂቁ ወደ መዝገቡ ይገለብጣል። ቃለ ጉባኤ ያዡ ረቂቁን ይዞ፣ ጸሐፊው መዝገቡን ይዞ፣ አንዱ ያነባል ሌላው ይከተላል። ከዚያ ሁለቱም ይፈርማሉ። ሰብሳቢው የሚፈርመው ከእነሱ በኋላ ነው። ገንዘብ በአሃዝም በፊደልም ይጻፋል። ከመጨረሻው መስመር በታች የቀረው ባዶ ቦታ በሰያፍ መስመር ይዘጋል፤ ካልተዘጋ አንድ ቀን አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቅልበታል። ስርዝ ድልዝ ካለም የሰረዘው ሰው አጠገቡ ይፈርማል፤ የተሰረዘውም መነበብ አለበት።

ከሞላሌ፣ የበግ ማራቢያ ማህበር፦ «የኛ ችግር ሌላ ነው። የትኛው አውራ በግ ከመንጋው እንደሚወጣ ወስነን በመዝገቡ ላይ "ነጩ አውራ" ተብሎ ተጻፈ። ሦስት ነጭ አውራ አለን። አሁን የማን በግ እንደሆነ ጠብ ሆኗል።»

ሌላ አይደለም፣ ይኸው ራሱ የጉዳዩ ልብ ነው። በጉ የጆሮ ቁጥር አለው አይደል? መጻፍ ያለበት እሱ ነበር፤ ቁጥሩ፣ የማን ቤት እንደሚያድር፣ እስከ መቼ እንደሚወጣ። ሁሉም ሰው የትኛው እንደሆነ ስለሚያውቀው ነው «ነጩ» የተባለው። ቃለ ጉባኤ ያዡ እዚህ ጋ ነው እጁን አውጥቶ «የትኛው ነጭ?» ማለት ያለበት። ያውቀዋል ግን ይጠይቃል፤ መዝገቡ ከሱ በኋላ ለሚመጣ ሰው ነው። ለዚህ ሥራ ዓይን አፋር ሰው አትምረጡ።

ለአሁኑ ጠብ ረቂቁን ፈልጉ። ከሌለ ድጋሚ ከመወሰን ሌላ መንገድ አላየሁም።

ከዓለም ከተማ፦ «ማህተሙን ሰብሳቢው ኪስ ውስጥ መያዙ ስህተት ነው ማለትዎ ነው? እኛ ጋ ሃያ ዓመት እንዲህ ነው የኖርነው።»

ስለ ማህተም ገና አላነሳሁም ነበር፤ ካነሱት ግን እነሆ። እኛ ማህተሙን ጸሐፊው ዘንድ፣ ረቂቅ ደብተሩን ቃለ ጉባኤ ያዡ ዘንድ አደረግን። ፊርማ ያለው ሰው ማህተም እንዳይኖረው ነው። የባንክ ፈራሚ ስንቀይር ባንኩ የተፈረመና ማህተም ያረፈበት ቃለ ጉባኤ ጠይቆናል። ወረቀቱን ብቻውን ጽፎ፣ ፈርሞ፣ ማኅተሙን መትቶ ማቅረብ የሚችል አንድ ሰው ካለ ገንዘባችሁ እሱ እጅ ነው። ሰውየው ጨዋ ቢሆንም ተተኪውን አታውቁትም።

ወጣት፣ ከደብረ ብርሃን፦ «ጋሼ፣ በስልክ ቀድቼ ቤት ብጽፈውስ? ጭቅጭቅ አይኖርም።»

እኔም ሞክሬዋለሁ እህቴ። የሁለት ሰዓት ስብሰባ ለመጻፍ ሁለት ሌሊት ፈጀብኝ፤ ድምጽ የሰጠው እጅ ደግሞ በስልክ አይሰማም። ለማመሳከሪያ ጥሩ ነው። ግን መጀመሪያ ሰብሳቢው ለቤቱ ይናገር፤ ሳያውቅ የተቀዳ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ አፉን አይከፍትም። ውሳኔው እዚያው መነበቡ አይቀርም። ቅጂው እስከ መቼ ይቀመጥ የሚለውን እኛም ተከራክረንበት ሳንቋጨው ቀረን።

የደብረ ሲናው ጸሐፊ እንደገና፦ «እሺ፣ ሁለተኛ ሰው ልፈልግ። ግን ማን ምን እንዳለ በስም ይጻፍ? እኔ በስም ነው የምጽፈው፤ ተጠያቂነት ማለት እሱ ነው።»

እዚህ ላይ አንስማማም። እኔ ሐሳቡን እጽፋለሁ፣ ስሙን እተዋለሁ። ጎረቤት ናችሁ፤ «እገሌ ለእናቴ አይከፈል ብሎ ነበር» የሚል ገጽ ቤት ለቤት ሲዞር ይኖራል። በስም የሚጻፈው ሐሳቡን ያቀረበው፣ ሥራ የተሰጠው፣ እና «ልዩነቴ ይመዝገብልኝ» ያለው ነው። የኮሚቴ ስብሰባ ከሆነ ግን፣ ገንዘብ የሚያዝዙ ጥቂት ሰዎች ስለሆኑ፣ ያንተ መንገድ ሳይሻል አይቀርም። ደንባችሁን ተመልከት፤ የጠቅላላ ጉባኤው ፈቃድም ይጠየቅበት።

ከእነዋሪ፦ «ተነቦ፣ ጸድቆ፣ ከተፈረመ በኋላ ስህተት ብናገኝስ? ገጹን ቀድደን እንደገና እንጻፍ?»

ቁጥር የተሰጠው ገጽ አይቀደድም። ቢቀደድ የሁሉም ገጽ እምነት አብሮ ይቀደዳል። በሚቀጥለው ስብሰባ መጀመሪያ ላይ ያለፈው ቃለ ጉባኤ ሲነበብ ስህተቱ ይነሳል፣ እርማቱ እንደ አዲስ ውሳኔ በአዲሱ ገጽ ይጻፋል። አሮጌው ገጽ ጎን ላይ የት እንደታረመ ይጠቆማል፣ ጸሐፊው ይፈርምበታል።

የኔው «እንዳይከፈል» አሁንም ገጽ 31 ላይ አለ። ጎኑ ላይ በቀይ «ገጽ 34 ይታይ» ይላል፤ ጽሕፈቱም ፊርማውም የኔው ነው።