የተላከ ኢንቮይስ ተመኑ አይነካም

ጥያቄ፦ «ለደንበኛ የምጠይቀው በዩሮ ነው፣ ሂሳቤን የምይዘው በዶላር። ክፍያው ሲገባ ከመዘገብኩት ጋር አልገጥም አለኝ። የኢንቮይሱን ተመን ላስተካክለው?»

እንዳትነካው ወንድሜ።

1. ኢንቮይሱ በወጣበት ቀን ተመን ይመዘገባል፤ በዚያው ይቀራል። አንድ ዩሮ 1.10 ዶላር በነበረበት ቀን የ1,000 ዩሮ ኢንቮይስ አወጣህ እንበል፤ መዝገብህ ላይ 1,100 ዶላር ተሰብሳቢ ይሆናል። ከወር በኋላ ደንበኛው 1,000 ዩሮውን ላከ። በመሀል ያለ ባንክ 15 ዩሮ ቆረጠ፣ ያንተ ባንክ ደግሞ የቀረውን 985 ዩሮ በ1.05 መንዝሮ 1,034.25 ዶላር አስገባልህ። 65.75 ዶላር ጎደለ ማለት ነው።

ብዙ ሰው ይህን ጉድለት የደንበኛው ቀሪ ዕዳ አድርጎ ይተወዋል፣ ከዚያ ያልተበደረውን ይጠይቀዋል። ሰውየው ግን 1,000 ዩሮውን ከፍሏል። የባንክ ወጪው ያንተ ከሆነ ተሰብሳቢውን 1,100 ዶላር ሙሉ ለሙሉ ዝጋና ጉድለቱን ለሁለት ክፈለው፦ 15 ዩሮ በ1.05 ሲባዛ 15.75 ዶላር የባንክ ወጪ ነው፣ የቀረው 50 ዶላር የምንዛሪ ኪሳራ። 1,034.25፣ 15.75 እና 50 ሲደመሩ 1,100 ይመጣሉ። ለሁለት መክፈሉ ለይስሙላ አይደለም፤ መድኃኒታቸው የተለያየ ነውና፣ ወደ ፕሮፎርማው ስንመጣ ታየዋለህ።

2. ኤክሴል የምትጠቀም ከሆነ ትልቁ ጥፋት እዚህ ነው። የዕለቱን ተመን አንድ ሴል ላይ አስቀምጦ ሁሉንም ኢንቮይስ በእሱ ማባዛት፦

```
=B2*$H$1
```

H1ን በቀየርክ ቁጥር ያለፈው ዓመት ኢንቮይስ ሳይቀር አብሮ ይቀየራል። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ማንም ሳይነካው የዘጋኸው ወር ድምር ተለውጦ ታገኘዋለህ። እያንዳንዱ ረድፍ የራሱ ተመን ይኑረው፣ በፎርሙላ ሳይሆን በቁጥር የተጻፈ፦

```
=ROUND(B2*D2,2)
```

B የዩሮው መጠን፣ D የዚያ ቀን ተመን ነው። አጠገቡ ቀኑንና ተመኑን ከየት እንደወሰድክ ጻፍ። ምንጩ ሁልጊዜ አንድ ይሁን፤ ዛሬ ከኢንተርኔት፣ ነገ ከባንክ ከወሰድክ ልዩነቱ ከገበያው ይምጣ ከምንጩ አይለይልህም። የተመኑንም አቅጣጫ ለይ፤ 1.10 ዩሮውን ማባዣ ነው፣ ሰው ከሌላ ቦታ አንድ ዶላር ስንት ዩሮ እንደሆነ የሚያሳየውን 0.9091 ወስዶ ካስገባ ግን 1,000 ዩሮ 909.10 ዶላር ሆኖ ይቀመጣል፣ ቁጥሩም ለዓይን እንግዳ አይመስልም።

3. ፕሮፎርማ ላይ የሚጸናበትን ቀን አሳጥር፣ ለምሳሌ 14 ቀን። ዋጋውን ያሰላህበትን ተመን ጽፈህ «ከ2 በመቶ በላይ ከተንቀሳቀሰ ዋጋው ይከለሳል» የሚል አክል፤ የምንዛሪ ኪሳራው የሚቀንሰው በዚህ ነው። ክፍያው እስኪገባ የሚሰጠው ጊዜ በረዘመ ቁጥር ግን ይህም አይበቃም፣ ቅድሚያ ክፍያ ጠይቅ። የባንክ ወጪውን በተመለከተ ላኪው እንዲሸፍን በጽሑፍ ተስማሙ፤ የማስተላለፊያ ቅጹ ላይ `OUR` የሚለውን ይምረጥ፣ `SHA` ከመረጠ በመንገድ ላይ የሚቆረጠው ካንተ ይሄዳል።

ገንዘቡ በገባ ቁጥር ደግሞ የተላከው መጠን፣ የተቆረጠውና የተመነዘረበት ተመን የተጻፈበትን የባንክ ማስታወቂያ ተቀበልና ከኢንቮይሱ ጋር አያይዘው፤ ስቴትመንት ላይ ብዙ ጊዜ የሚታየው 1,034.25 ብቻ ነው።