ለአዲስ አቅራቢ ከመጀመሪያው ክፍያ በፊት የሚላክ ኢሜይል

ጥያቄ፦ «ሰላም የግሩፑ ቤተሰቦች። ጎንደር አንድ ግብረሰናይ ድርጅት ፋይናንስ ላይ አዲስ ገብቼ ነው። የቢሮ እቃ የሚሰራልን አዲስ አቅራቢ አለ፣ ሳንከፍለው በፊት የባንክ፣ የቲንና የፈራሚ መረጃ በኢሜይል ጠይቂ ተባልኩ። ሰውየውን ሳላስከፋ ምን ብዬ ልጻፍ?»

ሰላም እህቴ። እኔም እዚሁ ጎንደር ግዢና ክፍያ ላይ ነው የሰራሁት፣ ትላልቁንም ትናንሹንም አቅራቢ አይቻለሁ፣ ስለዚህ ትንሽ ዘርዘር አርጌ ልጻፍልሽ።

መጀመሪያ ሶስቱንም በአንድ ኢሜይል ጠይቂ። ብዙ ሰው ዛሬ አካውንት ቁጥር፣ ሌላ ቀን ቲን፣ ክፍያው ሲደርስ ደግሞ ፈራሚ እያለ በተናጠል ይጠይቃል፣ ያኔ አቅራቢውም ይሰለቻል አንቺም ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አታያቸውም። ዋናው ስራ ደግሞ እሱ ነው። ንግድ ፈቃዱ ላይ ያለው ስም፣ ቲኑ የወጣበት ስም፣ አካውንቱ የተከፈተበት ስም እና ደብዳቤው ላይ የፈረመው ሰው እርስ በርስ መገናኘት አለባቸው። አንዱ ካልተገናኘ እዛች ጋ ቆም በይ።

የኔ ኢሜይል ይሄን ይመስላል፣ ወስደሽ እንደሚመችሽ ቀይሪው፦

«ጉዳዩ፦ ለመጀመሪያ ክፍያ የሚያስፈልጉ መረጃዎች

ጤና ይስጥልኝ አቶ …፣

ለቢሯችን ጠረጴዛና መደርደሪያ ሰርተው ለማቅረብ ስለተስማሙ እናመሰግናለን። ክፍያዎ እንዳይጓተት ከዚህ በታች ያሉትን እስከ ሐሙስ ድረስ እንዲልኩልን በአክብሮት እንጠይቃለን።

አንደኛ፣ ክፍያው የሚገባበት ባንክና ቅርንጫፍ፣ የሂሳብ ቁጥሩ፣ እንዲሁም የሂሳቡ ባለቤት ሙሉ ስም ልክ ባንኩ ላይ እንደተመዘገበው። ማረጋገጫ እንዲሆነን የባንኩ ማህተም ያለበት ደብዳቤ ወይም ስምና ቁጥሩ የሚታይበት የደብተርዎ የመጀመሪያ ገጽ ቅጂ ይያያዝ።

ሁለተኛ፣ የቲን ሰርተፍኬትና የታደሰ ንግድ ፈቃድ ቅጂ። የቫት ተመዝጋቢ ከሆኑ የቫት ሰርተፍኬቱን፣ ካልሆኑ ደግሞ አለመመዝገብዎን በአንድ መስመር ይጻፉልን።

ሶስተኛ፣ ውልና የክፍያ ሰነድ ላይ የሚፈርምልን ሰው ሙሉ ስም፣ ኃላፊነቱ፣ የመታወቂያው ቅጂና የፊርማ ናሙና። ፈራሚው ባለቤቱ ወይም ሥራ አስኪያጁ ካልሆነ የውክልና ሰነዱ አብሮ ይላክ።

የሂሳብዎን ቀሪ፣ የሚስጥር ቁጥር ወይም በስልክዎ የሚመጣ ኮድ አንጠይቅም። በእኛ ስም እንዲህ የሚጠይቅዎ ካለ እባክዎ አይስጡ። መረጃው ሲደርሰን ሱቅዎ በመጣን ጊዜ በሰጡን ስልክ ደውለን እናረጋግጣለን። ከዚያ በኋላ የሂሳብ ቁጥር ለውጥ ካለ በኢሜይል ወይም በስልክ ብቻ አንቀበልም፣ ፈራሚው በአካል መጥቶ በደብዳቤ ያሳውቀናል።

ከምስጋና ጋር»

«ሳላስከፋ» ላልሽው፣ ሰው የሚከፋው ለምን እንደተጠየቀ ካልገባው ነው፣ በተለይ ለግለሰብ ነጋዴ አካውንት ቁጥርና መታወቂያ ላክ ማለት አጭበርባሪ ነው የሚመስለው። «ክፍያዎ እንዳይጓተት» የምትለዋ እና ምን እንደማንጠይቅ የሚናገረው መስመር ያረጋጉታል፣ አትቁረጫቸው። ኢሜይል የማያይ ከሆነ (ብዙዎቹ ቴሌግራም ነው የሚያዩት) ኢሜይሉን ላኪና ደውለሽ ንገሪው፣ ፎቶውን በቴሌግራም ቢልክልሽም ወደ ኢሜይሉ አስገብተሽ አስቀምጪው፣ ኦዲተር ሲመጣ የሚታየው እሱ ነው። ዋናዎቹን ወረቀቶች ደግሞ እቃውን ሲያስረክብ ይዞ ይምጣና አይተሽ ቅጂው ላይ «ከዋናው ጋር ተመሳክሯል» ብለሽ ፈርሚ።

አሁን መልሱ ሲመጣ የሚያጋጥምሽን በአንድ ጉዳይ ላሳይሽ። አዘዞ ያለ ብረትና እንጨት ሰሪ ነበር፣ ስራው በጣም ጥሩ፣ ዋጋውም ከሌሎቹ የተሻለ፣ ከቫት በፊት 186,000 ብር። ኢሜይሉን ላክንለት፣ መልሱም ቶሎ መጣ፣ ንግድ ፈቃዱ የታደሰ፣ ቲኑም በሱ ስም፣ ሁሉም ጥሩ። አካውንቱ ግን የወንድሙ ነው። ስንደውልለት «ወንድሜ ነው እኮ አብረን ነው የምንሰራው፣ ለኔ ማለት ነው» አለን። ሰውየው አልዋሸም፣ እዚህ አገር ቤተሰብ በአንድ አካውንት መስራቱ የተለመደ ነው። ግን እስቲ ወረቀቱን ተከተይው፣ ደረሰኙ በሱ ስም ነው የሚቆረጠው፣ ዊዝሆልዲንጉ በሱ ቲን ነው የሚገባው፣ ብሩ ግን ሌላ ሰው ጋ ነው የደረሰው። ነገ ወንድማማቾቹ ቢጣሉና ባለፈቃዱ «አልተከፈለኝም» ቢል በእጃችን ያለው የባንክ ወረቀት የሚያሳየው ውል ለሌለን ሰው መላካችንን ነው። ኦዲተሩም መጀመሪያ የሚያነሳው እሷን ነው።

ስለዚህ ሁለት ምርጫ ሰጠነው፣ ወይ በራስህ ስም አካውንት ከፍተህ የደብተሩን ገጽ ላክልን፣ ወይ ደግሞ በስምህ ሲፒኦ እናሰራልህና መጥተህ ፈርመህ ውሰድ። አካውንቱን ከፈተ፣ መታወቂያና ፎቶ ይዞ ቅርንጫፍ ሄዶ ብዙም ሳይደክም ጨረሰ፣ ከኛ ጋርም ከዛ በኋላ ብዙ ሰራ። «ለወንድሜ ክፈሉልኝ» የሚል ደብዳቤ ጽፎ ቢፈርም አይበቃም ወይ የሚል አለ፣ እኔ አልቀበልም፣ በመጀመሪያ ክፍያ ላይ በተለይ፣ ምክንያቱም የፈረመው እሱ ራሱ መሆኑን ገና እያጣራሽ ባለሽበት ሰዓት የሱን ፊርማ ማስረጃ አድርገሽ ልትይዢ ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ለይ። ስሙ ሌላ ሰው መሆኑና የስሙ አጻጻፍ መለያየቱ አንድ አይደለም። ባንኩ ሲስተም ላይ ስሙ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው ያለው፣ ንግድ ፈቃዱ ላይ በአማርኛ፣ መታወቂያው ላይ ሌላ አጻጻፍ፣ አንዱ ጋ አንድ ፊደል ተጨምሮ ሌላው ጋ ተቀንሶ ይመጣል፣ አያቱ ያለበትም የሌለበትም አለ። የራሱ፣ የአባትና የአያት ስም በቅደም ተከተል አንድ ሆኖ ፊደል ብቻ ከተለየ ባንኩ በማህተም ባለቤቱን ካረጋገጠ ይበቃል፣ ፋይሉ ላይ አንድ መስመር ጽፈሽ ቀጥይ። የአባት ስም ከተለየ ግን «አጻጻፍ ነው» ቢሉሽም አትለፊ። የግለሰብ ነጋዴ ታፔላው ላይ የሱቅ ስም ተጽፎ አካውንቱ በራሱ ስም ቢሆን ችግር የለውም፣ ፈቃዱ ላይ ስሙና የንግድ ስሙ ሁለቱም ስላሉ ይገናኛሉ። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር ከሆነ ግን አካውንቱ በማህበሩ ስም መሆን አለበት፣ በሥራ አስኪያጁ የግል አካውንት ላይ አትክፈይ፣ ባለድርሻዎቹ አንድ ቀን ይጠይቁሻል።

ቲኑ 10 አሃዝ ነው፣ ቁጥሩን አንድ በአንድ ቁጠሪ፣ በፎቶ ሲላክ የደበዘዘ አሃዝ በግምት የሚሞላ ሰው አለ። ንግድ ፈቃዱን etrade.gov.et ላይ ገብተሽ በቲኑ ወይም በፈቃድ ቁጥሩ ፈልጊው፣ የሚወጣው ስምና የንግድ ዘርፍ ከላከልሽ ወረቀት ጋር ይመሳሰል። ዘርፉንም እይ፣ የእህል ንግድ ፈቃድ ይዞ ጠረጴዛ የሚያቀርብልሽ እንዳይሆን። ቲን የለኝም ወይም በኋላ እሰጣለሁ ካለሽ ደግሞ በገቢ ግብር አዋጅ 979/2008 መሰረት ቲን ካላቀረበ አቅራቢ ላይ 30 በመቶ ቀንሰሽ ነው የምታስቀሪው፣ ከላይ ባልኩሽ 186,000 ላይ 55,800 ብር ማለት ነው። ይሄንን በስልክ በትህትና ንገሪው፣ በኢሜይሉ ላይ አትጻፊው ማስፈራሪያ ይመስላል። ቫት ያልተመዘገበ ሰው ደሞ ፕሮፎርማው ላይ 15 በመቶ ጨምሮ ከመጣ ያንን ብር አትክፈዪ፣ ዋጋውን አስተካክሎ እንዲያመጣ አድርጊ።

ፈራሚ ስትጠይቂ ብዙዎቹ የሚልኩልሽ ባንክ ሄዶ ብር የሚያወጣውን ሰው ስም ነው። አንቺ የምትፈልጊው ውሉ ላይ ሲፈርም ድርጅቱን የሚያስገድደውን ሰው ነው። ለግለሰብ ነጋዴ ባለፈቃዱ ራሱ ነው በቃ። ለማህበር ንግድ ምዝገባ ምስክር ወረቀቱ ላይ ሥራ አስኪያጅ ተብሎ የተጻፈው ነው፣ መመስረቻ ጽሑፉ ላይም አለ። ሌላ ሰው ልፈርም ካለ ውልና ማስረጃ የተመዘገበ ውክልና ይዞ ይምጣ፣ ውክልናውንም ርእሱን ብቻ አይተሽ አትተዪው፣ ውስጡ ውል መዋዋልና ክፍያ መቀበል የሚል በግልጽ አለ ወይ ብለሽ አንብቢ። ከአንቺ ጋ በስልክ የሚያወራው፣ ናሙና የሚያመጣው የሽያጭ ልጅ ጎበዝ ቢሆንም ፈራሚ አይደለም። የባንክ መረጃውን የያዘው ደብዳቤም የዚሁ ፈራሚ ፊርማ ይኑርበት።

የመጨረሻው ስልኩ ነው። መደወያ ቁጥሩን ከኢሜይሉ ላይ አትውሰጂ፣ ኢሜይሉን ሌላ ሰው ሰብሮ ገብቶበት ከሆነ የሱን ቁጥር ነው የሚያስቀምጥልሽ። የማውቀው አንድ መስሪያ ቤት ውስጥ ይሄው ነው የሆነው፣ ሁሉም ወረቀት ትክክል ሆኖ ተመዝግቦ ክፍያው ሊወጣ ሲል ከዛው ኢሜይል «አካውንታችን ኦዲት ላይ ስለሆነ በዚህ ቁጥር አስገቡልን» የሚል መጣ፣ ከስሩ አዲስ ስልክ አለው፣ ሒሳብ ሰራተኛዋ ግን ድሮ ፕሮፎርማ ሲሰበሰብ ሱቁ ላይ በተያዘው ቁጥር ደወለች፣ ባለቤቱ ስለጉዳዩ ሰምቶም አያውቅ። ስትደውዪም ቁጥሩን አንቺ አታንብቢለት፣ «የላኩልንን የሂሳብ ቁጥር ይንገሩኝ» በዪና እሱ ይንገርሽ፣ አንቺ ከወረቀቱ ጋር አስተያይ። ክፍያውን ስታስገቢ ደግሞ ሲስተሙ የሚያወጣልሽን የባለቤት ስም ሳታይ «አረጋግጥ» የሚለውን አትጫኚ።

ጊዜውን በተመለከተ ሶስት የስራ ቀን ስጪው፣ ባንክ ሄዶ ደብዳቤ ማሰራት አለበት። ክፍያው ጥር ላይ ከሆነ ግን ኢሜይሉን ቀደም አርገሽ ላኪ፣ ጥምቀት ሰሞን ከተማው በእንግዳ ስለሚሞላ ወርክሾፑም ይዘጋል ሰውየውንም በስልክ አታገኚውም። ኢሜይሉን ስትልኪ የግዢ ክፍሉን ሰው ሲሲ አድርጊው፣ መልሱ ካንቺ ውጪ ሌላ ሰውም ጋ ይድረስ።