የደመወዝ ወጪ ከባንክ የወጣው ብቻ አይደለም

«ደመወዝ ስከፍል ከባንክ የወጣውን 7,800 ወጪ ብዬ መዘገብኩ። ግብሩንና ጡረታውን በሚቀጥለው ወር ስከፍልም ወጪ አልኩት። የወሩ ወጪ አልገጥም አለኝ፣ የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?»

ወጪህ 7,800 ሳይሆን ያልተጣራው ደመወዝና የአሠሪው የጡረታ ድርሻ ነው። ያልተጣራው 10,000፣ ግብሩ 1,500፣ የሠራተኛው ጡረታ 700፣ የአሠሪው ድርሻ ደግሞ 1,100 ነው እንበል። ሥራው በተሠራበት ወር መጨረሻ፣ ገንዘብ ባይወጣም እንዲህ መዝግብ፦

1. ዴቢት የደመወዝ ወጪ 10,000፤ ክሬዲት ግብር ተከፋይ 1,500፣ ጡረታ ተከፋይ 700፣ ደመወዝ ተከፋይ 7,800።
2. ዴቢት የጡረታ ወጪ 1,100፤ ክሬዲት ጡረታ ተከፋይ 1,100። ይሄ ከሠራተኛው አይቆረጥም፣ ከራስህ ኪስ ነው።

የወሩ ወጪ 11,100 ሆነ፣ ዕዳውም ያው 11,100። ከዚያ በኋላ ስትከፍል ወጪ የሚባል ነገር አትንካ። ደመወዙን ስትከፍል ደመወዝ ተከፋይን፣ ግብሩን ስታስገባ ግብር ተከፋይን ዴቢት፣ ባንክን ክሬዲት ታደርጋለህ። የተቆረጠው 2,200 የሠራተኛው ገንዘብ ነው፣ አንተ ጋ ያለው ለሌላ እስኪተላለፍ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። እኔ አንድ ወር ሁለተኛውን ምዝገባ ረስቼ ጡረታውን 1,800 ከፈልኩ፤ ጡረታ ተከፋይ በዴቢት 1,100 ቁጭ አለ። ባንኩ ስለገጠመ ልብ አላልኩትም፣ ያገኘሁት ከሦስት ወር በኋላ ነው። ስለዚህ በከፈልክ ቁጥር ተከፋዮቹን አንድ በአንድ ክፈትና ያለፈው ወር ዕዳ ዜሮ መሆኑን እይ። በክሬዲት የተረፈ ካለ ያልከፈልከው አለ፣ በዴቢት ካለ ደግሞ ሳትመዘግብ የከፈልከው።