ቁጠባዬ መቼ እጥፍ ይሆናል? በ72 ስሌት ላይ ጥያቄና መልስ

የምሠራው በአንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር ሒሳብ ክፍል ነው። አባላት በብዛት የሚጠይቁኝ «ይህ ገንዘብ መቼ እጥፍ ይሆናል?» እያሉ ነው። በጭንቅላት የሚሠራበት መንገድ አለ። 72ን ለዓመታዊው የወለድ መጠን ማካፈል ነው። በ8 በመቶ 9 ዓመት፣ በ12 በመቶ 6 ዓመት ይመጣል። ጥያቄያችሁን ላኩ ብዬ ነበር፤ እነሆ መልሴ።

ከሐዋሳ፦ 100 ሺህ ብር በ7 በመቶ አስቀምጫለሁ። በ10 ዓመት 200 ሺህ ይሆንልኛል?

ለጥቂት አይደርስም እናቴ። 72ን ለ7 ስናካፍለው 10.3 ዓመት ይሰጠናል። ነገር ግን ሙሉው 7 ወደ ደብተርዎ አይገባም። ከቁጠባ ወለድ ላይ 5 በመቶ ግብር አለ፤ ባንኩ ራሱ ቆርጦ ነው የሚያስገባው። ለእርስዎ የሚቀረው 6.65 በመቶ ነው። 72ን ለ6.65 ሲያካፍሉ 10.8 ዓመት ይሆናል።

ዓመት በዓመት ብንከተለውም እዚያው ያደርሰናል። በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ 106,650 ብር ይኖርዎታል። በ2ኛው 113,700 ገደማ፣ በ10ኛው 190 ሺህ፣ በ11ኛው 203 ሺህ። እጥፍ የሚሆነው 11ኛው ዓመት ሊያልቅ ሲል ነው።

ይህ ግን ወለዱ ሳይነካ ሲቀር ነው። ወለዱን በየዓመቱ እያወጡ ለበዓል ካዋሉት 72 አይሠራም። ያኔ የሚያካፍሉት 100ን ነው። 100 ለ6.65 ማለት 15 ዓመት ነው። የ4 ዓመት ልዩነቱ ወለዱ ራሱ የወለደው ወለድ ነው።

ከጎንደር፦ ታዲያ 72 ወር ነው ማለት ነው? በ6 ዓመት ያልቃል?

አይ ወንድሜ፣ 72 የሚካፈል ቁጥር ነው እንጂ ጊዜ አይደለም። በ6 ዓመት እጥፍ የሚሆነው ወለዱ 12 በመቶ ከሆነ ብቻ ነው። በወር ማስላት ከፈለግህ ወለዱንም የወር አድርገው። ወለዱ በዓመት፣ መልሱ በወር ከሆነ ሒሳቡ ይበላሻል።

ከአዲስ አበባ፣ መሐንዲስ ነኝ፦ ትክክለኛው ቁጥር 69.3 እንጂ 72 አይደለም። ለምን ሰውን ታሳስቻለሽ?

69.3 ትክክል የሚሆነው ወለዱ በየቅጽበቱ ሲደመር ነው። የእኛ ባንኮች እንዲህ አይደምሩም። በዓመት አንዴ የሚደመር 7 በመቶን በሎጋሪዝም ብታሰላው 10.24 ዓመት ታገኛለህ። በ72 ሲሠራ 10.29፣ በ69.3 ሲሠራ 9.9 ይሆናል። እዚህ ላይ 72 ይሻላል። ደግሞ ለ2፣ ለ3፣ ለ4፣ ለ6፣ ለ8፣ ለ9 እና ለ12 ያለ ቀሪ ይካፈላል፤ ለዚህም ነው ሰው የለመደው።

ግን በአንድ ነገር ልክ ነህ፤ 72 በሁሉም ቦታ አይሠራም። ወለዱ 2 ወይም 3 በመቶ ከሆነ 70 ይቀርባል። ከፍ ሲል ደግሞ 72 ያንሳል። ከ8 በላይ ለእያንዳንዱ 3 ነጥብ በ72 ላይ 1 ጨምር። ለምሳሌ የዋጋ ግሽበት 30 በመቶ ሲሆን ዋጋ መቼ እጥፍ ይሆናል? 30 ከ8 በ22 ይበልጣል፤ 22 ለ3 ደግሞ 7 ገደማ ነው። ስለዚህ 79ን ለ30 ታካፍላለህ፤ 2.6 ዓመት ይሆናል። ትክክለኛው ስሌትም 2.64 ነው የሚለው። በ72 ብቻ ብትሠራው 2.4 ይልሃል። በየወሩ አስቤዛ ለሚሸምት ሰው የ3 ወር ልዩነት ቀላል አይደለም።

ከአዳማ፦ በየወሩ 2,000 ብር እቆጥባለሁ፣ እቁብም አለኝ። የእኔስ በ10 ዓመት እጥፍ ይሆናል?

አይሆንም። ብዙ አባሎቻችን እዚህ ላይ ይሳሳታሉ። 72 የሚሠራው አንዴ ለተቀመጠ ገንዘብ ነው። የመጀመሪያዋ 2,000 ብር 10 ዓመት ትቀመጣለች፤ የመጨረሻዋ ግን አንድ ወር ብቻ። በአማካይ ብርሽ የቆየው 5 ዓመት ነው። በ7 በመቶ 5 ዓመት የቆየ ገንዘብ 1.4 ጊዜ ያህል ያድጋል። በ10 ዓመት የምታስገቢው 240 ሺህ ብር ነው፤ ግብሩን ትተን በዓመት አንዴ ወለድ ቢደመርለት 344 ሺህ ገደማ ይሆናል። ካስገባሽው እጥፍ እንዲሆን ያለማቋረጥ 18 ዓመት ተኩል ገደማ መቆጠብ ይኖርብሻል። ለዚህ ዓይነቱ ቁጠባ እኔ ከ72 ይልቅ 130ን ነው የማካፍለው።

እቁቡ ወለድ የለውም፤ ያስገባሽውን ነው የምታወጪው። ዕጣው ቀድሞ ከወጣልሽ ያለ ወለድ እንደተበደርሽ ነው፤ መጨረሻ ላይ ከደረሰሽ ያለ ወለድ እንዳበደርሽ።

ከዱባይ፦ እኔ ብር ማስቀመጥ ትቻለሁ። ዶላር በእጥፍ ሲጨምር አይቻለሁ። ልክ አይደለሁም?

ስሌቱን ገልብጠን እንየው። ጥቅምት 2010 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ብርን ሲያዳክም ዶላር 27 ብር ገደማ ገባ። በዚያው ጊዜ ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አለ። ዶላር 54 ብር የደረሰው በ2015 ዓ.ም. ነው፤ 5 ዓመት ተኩል ገደማ ወሰደበት። 72ን ለ5.5 ብታካፍል 13 ይመጣል። ዶላሩ በዓመት በአማካይ 13 በመቶ ሲወደድ ቁጠባው ከግብር በኋላ 6.65 ይከፍል ነበር። ያኔ የተቀመጠ 100 ሺህ ብር 3,700 ዶላር ገደማ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ከነወለዱ 142 ሺህ ብር ደረሰ፤ በዶላር ሲመነዘር ግን 2,640 ገደማ ሆነ።

ስለዚህ ወደ ኋላ ስናየው ልክ ነህ። ወደፊት ግን በ13 በመቶ መተንበይ አይቻልም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። 72 በእኩል እርምጃ ለሚያድግ ነገር ነው፤ ዝላይን አይለካም። ዶላር ይሻላል ወይስ ብር የሚለውን እኔ በዚህ ስሌት አልፈርድም።

ከደብረ ብርሃን፦ ቁጠባ ከንቱ ነው ማለት ነዋ! መሬት መግዛት ነው የሚያዋጣው።

እንዲህ አላልኩም። ለድንገተኛ ችግር የተቀመጠ ብር እጥፍ እንዲሆን አይጠበቅበትም፤ በተፈለገ ቀን መውጣት ነው ያለበት። መሬት ግን በአንድ ቀን አይሸጥም። ለረጅም ጊዜ የሚቀመጠው ገንዘብ ላይ ያለህ ሐሳብ ያከራክራል፤ ሌሎችም ይጻፉበት።

ከጅማ፦ አንድ ጓደኛዬ በ6 ወር እጥፍ የሚከፍል ሥራ ላይ 10 ሺህ ብር አስገባ አለኝ። በ72 ስሌት እንዴት ነው?

72 ለ6 ወር፣ በወር 12 በመቶ ማለት ነው። በወር! በ6 ወር እጥፍ ከሆነ በዓመት 4 እጥፍ፣ በ2 ዓመት 16 እጥፍ ነው። በ5 ዓመት 10 ጊዜ እጥፍ ይሆናል፤ 1,024 እጥፍ ማለት ነው። 10 ሺህ ብርህ ከ10 ሚሊዮን ብር በላይ ይሆናል። እንዲህ የሚያስገኝ ንግድ ቢኖረው ያንተን 10 ሺህ ለምን ፈለገ? ያንተ ትርፍ የሚመጣው ቀጥሎ ከሚገባው ሰው ኪስ ነው። መጀመሪያ የገቡት ስለሚከፈላቸው ሰው ያምናል። የሚገባ ሰው ያለቀ ቀን ክፍያው ይቆማል። ጓደኛህን ትርፉ ከምን ሽያጭ እንደሚመጣ ጠይቀው። ስለ ሽያጭ ሳይሆን «ሌላ ሰው አምጣ» ካለህ ብርህን አታስገባ።