የካርድ ቁጥር የመድረሻ ሰዓት አይደለም

ደሴ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ በቅርቡ ሥራ የጀመረች ወጣት ነርስ «ጋሼ፣ ሁለት ታካሚዎች በልየታ እኩል ቢጫ ከሆኑ ማን ይቅደም? የካርድ ቁጥሩ ያነሰው ነው ወይስ ቀድሞ የደረሰው?» ብላ ጠየቀችኝ። ልየታ ታካሚዎችን እንደ ሕመማቸው አጣዳፊነት በቀለም የምንለይበት አሠራር ነው። ቀድሞ የደረሰው ይቅደም ብዬ በአጭሩ መለስሁላት፤ ጥያቄው ግን ኮምቦልቻ ስሠራ ያየሁትንና እስከ ዛሬ የሚቆጨኝን አንድ ማለዳ ስላስታወሰኝ ለእሷም ለእኩዮቿም ይህን ጽፌያለሁ።

በዚያን ጊዜ በምሠራበት ጤና ተቋም ልየታ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ታካሚ የሚጠራው በካርድ ቁጥር ብቻ ነበር። አንዲት እናት የስምንት ወር ልጇን አዝላ ከቃሉ ገጠር ጠዋት 1:30 ገደማ ደረሰች። የጤና መድን ደብተሯ ስላልታደሰ ከመስኮት መስኮት ስትመላለስ ቆይታ ካርድ ያገኘችው 3:00 ሰዓት ላይ ሲሆን፣ እኔ ወደምሠራበት ክፍል የገባችው ደግሞ ወደ 5:00 ሰዓት ነበር። የልጁን ልብስ አስወልቄ ሙሉ ደቂቃ ስቆጥር 64 ጊዜ ተነፈሰ፤ በዚያ ዕድሜ 50 እና ከዚያ በላይ ፈጣን አተነፋፈስ ነው። አየር በሳበ ቁጥር የደረቱ የታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ ይገባ ነበር። ኦክስጅን ተደርጎለት በሐረጎ ዳገት ወደ ደሴ ተላከ፤ ከቀናት በኋላም ድኖ ወጣ። የሚቆጨኝ ግን በዚያ ማለዳ ማንም ተራ አለመንጠቁ ነው። ሁሉም ሰው በቁጥሩ ገብቷል፣ ካርድ ክፍሉም ሥራውን በትክክል ሠርቷል፤ ሆኖም ሕፃኑ ከሦስት ሰዓት በላይ ማንም ሳይቆጥርለት ተነፈሰ።

ያን ማለዳ ዛሬ በምንሠራበት ሥርዓት እንድገመው። ቀይ ወዲያውኑ፣ ብርቱካናማ በ10 ደቂቃ፣ ቢጫ በአንድ ሰዓት፣ አረንጓዴ በአራት ሰዓት ውስጥ መታየት አለበት። ጉልበታቸውን የሚያማቸው አዛውንት 1:15 ደረሱ እንበል፤ አረንጓዴ ናቸው። እጁን ቆርቆሮ የቆረጠው ወጣት 1:20 መጣ፤ ደሙ በፋሻ ስለቆመ ቢጫ ነው። ሕፃኑ 1:30 ሲደርስ ትንፋሹ 54 ነው፣ ደረቱ ግን ገና አልገባም፤ እሱም ቢጫ ነው። እዚህ ላይ ሁለቱ ቢጫዎች እኩል ስለሆኑ ቀድሞ የመጣው ወጣት ይቀድማል። 1:50 ላይ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር መጣች፤ ራሷን ክፉኛ ያማታል፣ ዓይኗ ይደበዝዝባታል፣ ደም ግፊቷም 170/110 ስለሆነ ብርቱካናማ ናት፤ አዛውንቱንም ወጣቱንም አልፋ ትሄዳለች። 1:55 ላይ ሕፃኑ እንደገና ሲታይ ደረቱ ወደ ውስጥ መግባት ስለጀመረ እሱም ብርቱካናማ ሆነ።

አሁን ከሁለቱ ብርቱካናማዎች ማን ይቅደም? ሰዓቱን ቀለሙ ከተቀየረበት ደቂቃ የምትቆጥሩ ከሆነ እሷ ትቀድማለች፤ ከመጣበት ከቆጠራችሁ እሱ ይቀድማል። በእኔ እምነት ቀለም ሲቀየር የመድረሻ ሰዓት እንደገና አይጀምርም፤ አለዚያ በጥበቃ ላይ እያለ የባሰበትን ሰው ስለባሰበት እንቀጣዋለን። ሁለቱም በ10 ደቂቃ ውስጥ መታየት ስላለባቸው ደግሞ ሁለተኛ ባለሙያ መጠራት አለበት። በካርድ ቁጥር ቢሆን ኖሮ ሕፃኑ ገና ቁጥር እንኳ አልነበረውም። ስለዚህ የመድረሻ ሰዓት በሩ ላይ ይጻፍ፤ ካርድና ክፍያ በኋላ ይደርሳሉ።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ወረፋው በየጊዜው እንደገና ሲታይ ብቻ ነው። የዛሬ ወጣት ባለሙያዎች መዝገብ አያያዛችሁ ከእኛ ዘመን እጅግ ይሻላል፤ ጣት ላይ የሚሰካውን የኦክስጅን መለኪያ ግን ከመጠን በላይ ታምናላችሁ። 94 ስላነበበ ብቻ ልብስ ሳታስወልቁ ሕፃን አትለፉ። መለኪያው ገና ደህና እያሳየ ደረት ሊገባ ይችላል።

ጥበቃ ብቻውን ከቀለም ወደ ቀለም እንደማያሻግር አጥብቄ አምናለሁ፤ አረንጓዴ ሦስት ሰዓት ስለጠበቀ ቢጫን አይቀድምም። ይህን ብዬ ግን የስኳር ሕመም ያለባቸው አንድ ሽማግሌ ለደም ምርመራ ሳይበሉ መጥተው አግዳሚ ወንበር ላይ ሲያልባቸውና ሲንቀጠቀጡ አይቻለሁ፤ እሳቸውን ያሳመማቸው ጥበቃው ራሱ ነበር። ስለዚህ አረንጓዴዎቹንም አትርሷቸው። ሕመማቸው ስኳር መሆኑንና ምግብ መብላት አለመብላታቸውን ስትመዘግቡ ጠይቁ፤ ቢጫዎች ሳያቋርጡ ሲመጡ አራት ሰዓቱ እንዳያልፍባቸው አንድ ባለሙያ ለአረንጓዴዎች ብቻ መድቡ፤ እሱም በደረሱበት ሰዓት ቅደም ተከተል ይጥራቸው።