ብልሽት አይደለም፣ ናዳ ነው

ጥያቄ፦ «መምህር፣ ፓወር ሰፕላይ እጠግናለሁ። ለተለማማጆች ማስታወሻ ሳዘጋጅ ዳዮድ በተገላቢጦሽ ቮልቴጅ ተሸንፎ ከረንት የሚያሳልፍበትን ‹ብሬክዳውን› ‹ብልሽት› አልኩት፤ ‹አቫላንሽ ብሬክዳውን› ‹የናዳ ብልሽት› ሆነ። ልክ ነኝ? ደግሞ የ12 ቮልት ዜነር ዳዮድ ሲሞቅ ቮልቴጁ ይጨምራል፣ የ3.3ቱ ይቀንሳል። ሁለቱም ዜነር አይደሉም እንዴ?»

መልስ፦ ብልሽትን ሰርዝልኝ። የተበላሸ ነገር ካልተጠገነ አይሠራም። ዳዮዱ ግን ሬዚስተር ከረንቱን እስከገደበለት ድረስ ቀኑን ሙሉ እዚያው ላይ ይውላል፤ እንጀራው ነው። እኔ ጥሰት እላለሁ። ጎርፍ ግድብ ይጥሳል፣ በሬ አጥር ይጥሳል። «ቃሉ ፍርድ ቤት ፍርድ ቤት ይሸታል» የሚሉኝ አሉ። ይሽተት።

በናዳ ግን እጅህ ይባረክ። ናደ፣ ይንዳል፣ ተናደ። (ከንዴት ጋር የሚያዛምዱት አሉ። ንዴት ከነደደ ነው፤ አይተዋወቁም።) አንድ ድንጋይ ተፈንቅሎ ሌሎቹን ይዞ እንደሚወርድ ሁሉ፣ የፈጠነ ኤሌክትሮን አተም ገጭቶ ሌላ ኤሌክትሮን ያስለቅቃል። ሁለቱ ደግሞ ሌሎችን። ሲሞቅ አተሞቹ ይበልጥ ይንቀጠቀጣሉ፤ ኤሌክትሮኑ በቂ ፍጥነት ሳይዝ በየመንገዱ ይጋጫል። ስለዚህ ናዳውን ለማስነሳት ተጨማሪ ቮልት ያስፈልጋል። የ12ቱ በአንድ ዲግሪ 8 ሚሊቮልት ገደማ ይጨምራል። በ40 ዲግሪ ሲሞቅ ሜትርህ 12.3 ያሳይሃል።

የዜነር ጥሰት ሌላ ነው። እዚያ ኤሌክትሮኑ ምንም አይንድም። የሚያግደው ግድግዳ በጣም ስስ ስለሆነ ሾልኮ ያልፋል። ይህን፣ በእንግሊዝኛ «ተነሊንግ» የሚባለውን፣ «ዋሻ» ብለው የተረጎሙ አሉ፤ ዋሻውን ማን ቆፈረው? መሹለክ የሚል ቃል እያለን! ሙቀት የሲሊከንን የኢነርጂ ክፍተት፣ ማለትም ኤሌክትሮን ከአተም ለመላቀቅ የሚያስፈልገውን ኢነርጂ፣ ትንሽ ያጠብበዋል፤ መሹለክ ይቀላል፣ ቮልቴጁም ይወርዳል። የ3.3ቱ በዲግሪ 2 ሚሊቮልት ገደማ የሚቀንሰው ለዚህ ነው። በጥቅሉ ከ5 ቮልት በታች መሹለክ ይበረታል፣ ከ7 በላይ ናዳ። መሀል ላይ ሁለቱ ይጎታተታሉ፤ የ5.6ቱ ሲሞቅ ብዙም ንቅንቅ የማይለው ለዚህ ነው። ያም ቢሆን በምትሰጠው ከረንት ይለያያል፤ ስትለካ ከረንቱን አትቀይር።

ስሙን በተመለከተ፣ ሁለቱም ዜነር መባላቸው እውነት ነው። ክላረንስ ዜነር እ.ኤ.አ. በ1934 የጻፈው ስለ ኢንሱሌተር ጥሰት ነበር። ስሙን ለዳዮዱ የሰጠው የቤል ቤተ ሙከራው ሾክሌይ ነው። በሲሊከን ውስጥ ናዳ መኖሩን ተመራማሪዎቹ ማኬይና ማካፊ ያሳዩት በ1953 ነው፤ ያኔ ስሙ ተጣብቆ ነበር። በእኔ ሚዛን የ12ቱ «የናዳ ዳዮድ» መባል አለበት። አንድ ቀን ሱቅ ገብቼ እንደዚያ ብዬ ጠየቅሁ። ልጁ ትንሽ አየኝና፣ «የ12 ዜነር ነው፣ አባባ?» አለኝ።

አዎ አልኩት።