«ብር አይመለስም» ብዬ ደንበኛ አስቀየምኩ

«ደብረ ማርቆስ ጫማ እሸጣለሁ፣ ከፍኖተ ሰላም ያዘዘች ልጅ ጠበበኝ ብሬን መልስ ስትለኝ "ብር አይመለስም" አልኳት ተቀየመች፣ ምን ልበላት?»

ወንድሜ መከልከሉ ሳይሆን ምክንያቱንና አማራጩን አለመንገርህ ነው ያስቀየማት፣ እንዲህ ብለህ ላክላት፦

«እህቴ ስለጠበበሽ አዝናለሁ። ቁጥሩ አልሆነም ተብሎ ብር አንመልስም፣ የሸጥንበትን ብር ለአከፋፋይ ቶሎ ስለምንከፍል ነው። ውጭ ካልተረገጠበት ግን እስከ ቅዳሜ ላኪውና በ39 ቁጥር እቀይርልሻለሁ፣ ካልሆነም በዚያው ዋጋ ሌላ ሞዴል ምረጪ። መላኪያውን አንቺ፣ መመለሻውን እኔ እችላለሁ። የቱ ይሻልሻል?»

የመላኪያውን ነገር እንዳትዘለው፣ ሁለተኛው ጭቅጭቅ የሚነሳው እዛ ላይ ነው። «እስኪ አያለሁ» ምናምንም አትበል፣ ብሬን ሊመልስ ነው ብላ ትጠብቃለች። ሶሉ ተላቆ ከሆነ ግን ጥፋቱ የእቃው ስለሆነ ቀይርላት ወይ ብሯን መልስ፣ እሱ ላይ ፖሊሲ አይጠቀስም።